ያልተከፈለ ሂሳብን በሦስት ደብዳቤ መጠየቅ

ጥያቄ፦ «ደንበኛዬ የመክፈያው ቀን ካለፈ ቆየ። እንዳላስቀይመው እፈራለሁ፤ ዝም እንዳልል ደግሞ ገንዘቡ ያስፈልገኛል። ሦስት ጊዜ ላስታውሰው ብል፣ ከለስላሳው ወደ ጠንካራው እንዴት ልሂድ?»

እህቴ፣ ሂሳብ መሰብሰብ ሥራዬ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ። ብዙ ሰው ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይልካል፤ የሚጨምረው ቁጣው ብቻ ነው። መለወጥ ያለበት ግን የምትጠይቂው ነገር ነው።

የመክፈያው ቀን ወር በገባ በ10 ነበር እንበል። የመጀመሪያውን በ13 ወይም በ14 ላኪ። የምትጠይቂው «ኢንቮይሱ ደርሷችኋል? የጎደለ ነገር አለ?» ብቻ ነው። ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው በክፋት አይደለም። ኢንቮይሱ አንዱ ሰው ኢሜይል ውስጥ ተኝቷል፣ የግዢ ትዕዛዝ ቁጥር አልተጻፈበትም፣ ወይም ፈራሚው ፈቃድ ላይ ነው። ኢንቮይሱን እንደገና አያይዢ። ቁጥሩን፣ የገንዘቡን መጠንና የባንክ ሂሳብሽን መልእክቱ ላይም ጻፊ። «ከፍላችሁ ከሆነ ይህን መልእክት እለፉት» ማለትም አይከፋም።

ሁለተኛው በ25 ገደማ ይሄዳል። አሁን የምትጠይቂው ቀን ነው፦ «መቼ ትከፍላላችሁ?» ለሚያውቅሽ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሂሳብ ክፍሉም ላኪ፤ ስልክም ደውዪ። «በቅርቡ» ቢሉሽ እሱ መልስ አይደለም። ቀን ከሰጡሽ ስልኩን እንደዘጋሽ ጻፊላቸው፦ «ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው ክፍያው በ30 ይፈጸማል።» ይህች አንድ መስመር በኋላ ብዙ ትጠቅማለች። «ሥራው ላይ ቅሬታ አለን» ካሉ ግን ወደ ሦስተኛው አትሂጂ። ቅሬታ የሌለበትን ክፍል ለይተው አሁኑኑ እንዲከፍሉ ጠይቂ፤ የቀረውን ተነጋገሩበት።

ሦስተኛው፣ በሚቀጥለው ወር 10 አካባቢ፣ ምንም አይጠይቅም። ያሳውቃል። ለሥራ አስኪያጁ የተጻፈ፣ ቀንና ፊርማ ያለው ደብዳቤ ይሁን፤ ርዕሱም «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ይበል። ይዘቱ አጭር ነው፦

«በኢንቮይስ ቁጥር … የተጠቀሰው ክፍያ ባለፈው ወር በ10 መፈጸም ነበረበት። በዚያው ወር በ14 እና በ25 በጽሑፍ አስታውሰናል። እስከዚህ ወር 20 ድረስ ካልተከፈለ ሥራውን አቁመን ጉዳዩን በሕግ እንከታተላለን።»

«በ10 ቀን ውስጥ» አትበዪ፤ ከመቼ ጀምሮ የሚል ክርክር ይነሳል። ቀኑን ራሱን ጻፊ። «አሳፋሪ ነው»፣ «አታላችሁናል» የሚል ቃልም አይግባ፤ ደብዳቤው ነገ ዳኛ ፊት ሊነበብ ይችላል። የማታደርጊውን አታስፈራሪበት፤ 20 አልፎ ዝም ካልሽ ከዚያ በኋላ የሚሰማሽ የለም። ወለድም ሆነ ሥራ ማቆም ከመጻፍሽ በፊት ውልሽ ይፈቅድልሽ እንደሆነ እዪ። ደብዳቤውን ስታደርሺ ቅጂው ላይ የተቀበለውን ሰው አስፈርሚ።

በመካከል ከፊሉን ቢከፍሉ ተቀበዪ። ግን የዚያኑ ዕለት ምን ያህል እንደቀረና የመጨረሻው ቀን እንዳልተለወጠ በጽሑፍ አሳውቂያቸው።