የቤት እድሳት ስንት ቀን ይፈጃል?

«ደሴ ያለውን የእናቴን ቤት ላሳድስ ነው። የሁሉንም ሥራ ቀን ስደምር 58 ቀን መጣ። በእርግጥ ይህን ያህል ይፈጃል?»

አይፈጅም ወንድሜ። መደመር ያለብህ አንዱ ሌላውን የሚጠብቀውን ብቻ ነው። ቀኖቹን በግምት ልያዝልህ።

አሮጌውን ልስን ማራገፍ 3 ቀን፣ የመብራት መስመር መቅበር 5 ቀን ነው። የቧንቧው 4 ቀን ከመብራቱ ጎን ለጎን ይሄዳል። ስለዚህ በ8 ቀን ግድግዳው ለልስን ዝግጁ ነው። ግን የብረት በርና መስኮቱም ከልስን በፊት መገጠም አለበት። በመጀመሪያው ቀን አዘህ ብየዳ ቤቱ 15 ቀን ካለህ፣ መግጠሚያ 2 ቀን ጨምር፤ 17። ልስኑ የሚጀመረው ያኔ ነው። ልስን 6፣ ማድረቂያ 14፣ ቀለም 4፤ ጠቅላላ 41 ቀን። የ5 ቀኑ ሴራሚክ ልስኑ ሲደርቅ ይሠራል፣ ቀን አይጨምርም።

ወሳኙ መስመር፣ ማለትም ጠቅላላውን ቀን የሚወስነው ረጅሙ የሥራ ሰንሰለት፣ በብየዳ ቤቱ በኩል ነው የሚያልፈው። ኤሌክትሪሺያኑ 9 ቀን ቢዘገይ ምንም አይጎዳህም። መስኮቱ በአንድ ቀን ቢዘገይ ግን ቤቱም በአንድ ቀን ይዘገያል። ስለዚህ ዛሬውኑ አስለካና እዘዝ! ብየዳው በ5 ቀን ቢያልቅልህ 32 ቀን ይሆናል። 10 ቀን ቀንሰህ 9 ብቻ ያተረፍከው ወሳኙ መስመር ወደ መብራቱ ስለዞረ ነው።

ማድረቂያውን አደራ አትቁረጠው። የደሴ ክረምት ብርድና ጉም ስላለው 14 ቀን ላይበቃ ይችላል። ግድግዳው ላይ ፌስታል ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈህ አሳድር። ጠዋት ከሥሩ ጤዛ ካየህ ቀለሙ ይላጣል፣ ጠብቅ።