ድምሩ ለምን 0 ይላል? የኤክሴል ጥያቄና መልስ

ሜክሲኮ ቢሮ ነኝ፣ እስከ 11 ሰዓት አለሁ። ጠይቁ። የፋይሉን ኮፒ ሳትይዙ ግን ምንም አትነካኩ።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ የቀን አምዴ በሙሉ ##### ሆነ። ዳታዬ ጠፋ?

አልጠፋም፣ አምዱ ጠቦ ነው። ላይ በፊደሎቹ መሃል ያለችውን መስመር ሁለቴ ክሊክ አድርጊያት።

ከለገሃር፦ ከባንክ ድረ ገጽ ኮፒ ያደረግኩት ገቢ ድምሩ 0 ይላል። ፎርማቱን Number አደረግኩት፣ ያው ነው።

ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ፎርማት መልኩን እንጂ ውስጡን አይቀይርም። SUM ደግሞ ጽሑፍ ሲያገኝ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ስህተት አለ እንኳ አይልህም። ቁጥሮቹ ወደ ግራ ተጠግተዋል? እንግዲያው ባዶ ሴል ላይ ይሄን ጻፍ፦

```
=LEN(B2)
```

በ B2 የሚታየው 12500 ሆኖ መልሱ 5 ሳይሆን 6 ከመጣ፣ የማይታይ ነገር ተለጥፏል። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው። ማንነቱን ጠይቀው፦

```
=CODE(RIGHT(B2,1))
```

32 ካለ ተራ ስፔስ ነው፣ TRIM ያጠፋዋል። 160 ካለ ግን ከድረ ገጹ የመጣ ሌላ ዓይነት ስፔስ ነው። ለዓይን ያው ነው፣ TRIM ግን አይነካውም። C2 ላይ፦

```
=VALUE(SUBSTITUTE(B2,CHAR(160),""))
```

ወደ ታች ጎትተው። C አምድን ኮፒ አድርገህ በ Paste Special ገብተህ Values ብለህ B ላይ መልሰው።

ከአራት ኪሎ፦ ምን ያደክማችኋል? በ1 ማባዛት ነው፣ አለቀ።

ከመርካቶ፦ አባዛሁት፣ #VALUE! አለኝ።

ንጹህ ጽሑፍ ከሆነ ማባዛት ይሠራል፣ 160 ካለበት አይሠራም። LEN ሳታዩ አትከራከሩ።

ከመርካቶ፦ የደንበኞቼንም ስልክ በዚያው ወደ ቁጥር ቀየርኩት፣ ከፊት ያለው 0 ጠፋ።

ኮፒ ያዙ ያልኩት ለዚህ ነበር! ስልክ ይደመራል እንዴ? የማይደመር ቁጥር ጽሑፍ እንደሆነ ይቀመጥ።

ከስታዲየም፦ እኔም ##### ነው የሚለኝ።

ተመልሷል። ከላይ አንብብ።

ከስታዲየም፦ አንብቤያለሁ። አምዱን ግማሽ ስክሪን አሰፋሁት እኮ! የጥበቃዎችን የመግቢያ ሰዓት ከመውጫው ስቀንስ ነው።

ይሄን ቀድመህ አትልም? 22:00 ገብቶ 6:00 ሲወጣ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ኤክሴል ደግሞ እንዲህ ያለ ሰዓት አያሳይም፣ አምዱን የፈለግከውን ያህል ብታሰፋው። መግቢያው A2፣ መውጫው B2 ላይ ከሆነ ይሄን አድርግ፦

```
=MOD(B2-A2,1)
```

ከአራት ኪሎ፦ በሐበሻ ሰዓት ይጻፈው። 4:00 ገባ፣ 12:00 ወጣ፣ 8 ሰዓት። ፎርሙላ ምን ያደርጋል?

ጠዋት 2:00 የወጣ ዕለትስ? ያው ##### ነው። MOD ብትጨምርበት ደግሞ 10 ሰዓት የሠራውን ሰው 22 ሰዓት ይልልሃል።

ከስታዲየም፦ ጋሼ፣ ያለፈው ወር ደመወዝ በዚያ ተከፍሏል።