የጠያቂውን ቃል አድምጡ

በድሬዳዋ የኮምፒውተር እርዳታ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

በቴሌግራም ችግሩን የሚጽፍላችሁ ሰው በምን መሣሪያ እንደሚሠራ ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም፤ ቃላቱ ግን ያሳብቁበታል። "ራይት ክሊክ አድርጌ" ካለ ኮምፒውተር ላይ ነው ማለት ይቻላል። "ጫን አድርጌ ስይዘው" ካለ ስልክ ወይም ታብሌት ነው። "ሦስቷን ነጥብ ነካሁ" ሲል ግን አትቸኩሉ፤ ክሮም ነጥቦቹን በስልክም በኮምፒውተርም ያሳያል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው `Ctrl+C` ነው። ከሳቢያን አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ጻፈላችሁ እንበል፦ "አቦ፣ የፓይተን ፕሮግራሜ እየሠራ ሳለ ውጤቱን ኮፒ ላደርግ `Ctrl+C` ብነካ ቆመብኝ። መጨረሻ ላይ `KeyboardInterrupt` ይላል።"

ኮዱን ለመመርመር አትሩጡ፤ ኮዱ ደህና ነው። ተማሪው ያለው ተርሚናል ውስጥ ነው። በዎርድ ወይም በብራውዘር ኮፒ የሚያደርገው ይኸው ቁልፍ፣ በተርሚናል ውስጥ እየሠራ ላለው ፕሮግራም "አቁም" የሚል ምልክት ይልካል። ፓይተንም ምልክቱ ሲደርሰው ያንን ቃል ጽፎ ይወጣል።

ቀጥሎ የማን ተርሚናል እንደሆነ ለዩ፤ ኮፒ ማድረጊያው ይለያያልና። የስህተቱን ጽሑፍ እንዳለ እንዲልክላችሁ ጠይቁት፤ የፋይሉ ሙሉ አድራሻ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይገኛል። በ`C:\Users` ከጀመረ ዊንዶውስ ነው፤ በ`/home` ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ፣ በ`/Users` ከጀመረ ደግሞ ማክ ነው።

የሊኑክሱን ተጠቃሚ ጽሑፉን መርጦ `Ctrl+Shift+C` እንዲነካ ንገሩት። የማኩ `Cmd+C` ይጠቀማል። ዊንዶውስ ላይ ነገሩ ለየት ይላል፦ መጀመሪያ ጽሑፍ ከተመረጠ `Ctrl+C` ራሱ ኮፒ ያደርጋል፣ ካልተመረጠ ግን ፕሮግራሙን ያቆማል። ስለዚህ "አንዴ ይሠራል አንዴ አይሠራም" የሚል የዊንዶውስ ተጠቃሚ ቢገጥማችሁ፣ ጽሑፉን መርጦ እንደነበር ጠይቁት።

አድራሻው በ`/data/data/com.termux` ከጀመረስ? ተማሪው በአንድሮይድ ስልኩ ላይ ተርመክስ የሚባለውን ተርሚናል ከፍቷል ማለት ነው። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ ፓይተንን እንዲህ ሊማር ይችላል፣ እናንተም `Ctrl` የሚል ቃል ስላያችሁ ብቻ ስልክነቱን አትሰርዙ። ተርመክስ ከኪቦርዱ በላይ የራሱን `CTRL` ቁልፍ ያሳያል፤ ኮፒ የሚደረገው ግን ጽሑፉን በጣት ጫን አድርጎ በመያዝ ነው።

ተማሪው "መመሪያው `Ctrl+C` ንካ ይላል፣ እኔ ጋ ግን የለም" ቢላችሁ ደግሞ ቃሉ የመመሪያው እንጂ የእሱ አይደለም። የእሱ ቃል "እኔ ጋ የለም" የሚለው ነው፤ ያኔ የስልክ ኪቦርድ ፊት እንደተቀመጠ ገምቱና ስክሪንሹት ጠይቁት።