ውዳሴ እና ምስጋና በጸሎት መጀመሪያና መጨረሻ

ጥያቄ፦ በግል ስጸልይ ውዳሴ፣ ኑዛዜ፣ ልመና፣ ምስጋና የሚለውን ቅደም ተከተል እከተላለሁ። ግን መጀመሪያውም መጨረሻውም «አመሰግንሃለሁ» ይሆንብኛል። ሁለቱ በአማርኛ ልዩነት አላቸው ወይስ ድግግሞሽ ነው?

መልስ፦ ልዩነት አላቸው፤ ልዩነቱን ግን ከስሙ ይልቅ ግሱ ላይ ይፈልጉት። ውዳሴ አምላክ ምን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ስለዚህ በ«ነህ» ያልቃል፦ «አንተ መሐሪ ነህ»። ምስጋና ያደረገውን ይናገራል፤ «ስለ» ይቀድመዋል፣ «-ኝ» ወይም «-ልኝ» ይከተለዋል፦ «ስለ ጠበቅኸኝ»፣ «ስላደረግህልኝ»። በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ «-ልኝ» ካገኙ ሳያውቁት ወደ አራተኛው ዘለዋል ማለት ነው። ውዳሴ ውስጥ ተናጋሪው ገና አልገባም።

«ውዳሴ» የሚለውን ቃል የማይወዱ አሉ። «ውዳሴ ከንቱ» ስለሚባል ቃሉ ሽንገላ ሽንገላ ይላል፣ «ምስጋና» ለሁለቱም ይበቃል ይላሉ። እኔ ግን «ከንቱ» የተጨመረበት ውዳሴ በራሱ ከንቱ ስላልሆነ ነው እላለሁ። ግእዝ ለማወደስ ወደሰ፣ ለማመስገን አእኰተ የሚሉ ሁለት ግሶች ነበሩት፤ «አኰቴት» የመጣው ከሁለተኛው ነው። አማርኛ አእኰተን በዕለት ንግግሩ ስላልያዘው ሸክሙ ሁሉ አመሰገነ ላይ ወደቀ። ሁለት ሥራ የያዘ ቃል ደግሞ ጸሎትን ያደበዝዛል፤ የርስዎም ችግር የመጣው ከዚህ ነው።

እርግጥ ማስረጃው «ምስጋና» ለሁለቱም ይበቃል ወደሚሉት ያደላል። መዝሙር 1 በግእዝ «ብፁዕ ብእሲ» ብሎ ሲጀምር አማርኛው «ምስጉን ነው» ይላል፤ እዚያ ማንም ማንንም ስለ ውለታ አላመሰገነም። መዝሙር 136ም «እግዚአብሔርን አመስግኑ፥ ቸር ነውና» ይላል፤ ምክንያቱ ማንነቱ ነው፣ በእኔ ክፍፍል ደግሞ ይህ ውዳሴ ነው። ስለዚህ «አመሰግንሃለሁ» ብሎ ጸሎት የሚጀምር ሰው ተሳስቷል ማለት አልችልም። እኔ ግን አሁንም ለመጀመሪያው ክፍል «ውዳሴ» እመርጣለሁ።

በመካከል ያለው ኑዛዜም ሊታለፍ አይገባውም። ናዘዘ በግእዝ አጽናና ማለት ነው፤ ናዛዚ አጽናኝ ነው። አማርኛ «ተናዘዘ»ን ኀጢአቱን ለሚናገር ሰው ሰጠው። ቃሉ በአንድ ወገን የሚናገረውን፣ በሌላው የሚጽናናውን ሰው ይዟል፤ ለዚህ ነው ከልመና በፊት መቀመጡ ደስ የሚለኝ። ኑዛዜ የሚበላሸው በሰዋስው ነው። «ካጠፋሁ ይቅር በለኝ» ኑዛዜ አይደለም፤ «ካ-» ጥፋቱን ወደ ጥርጣሬ ይለውጠዋል። «ስሕተት ተፈጥሯል»ም ባለቤቱን ይደብቃል። ግሱ በአንደኛ መደብ፣ በኃላፊ ጊዜ፣ ያለ «ምናልባት» መቆም አለበት።

እኅቱን የተቈጣ ሰው እንዲህ ሊጸልይ ይችላል፦ «አምላኬ ሆይ፥ አንተ ለቍጣ የዘገየህ ነህ። እኔ ግን ዛሬ ጠዋት በእኅቴ ላይ ጮኽሁ፤ ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ በእርሷ አላከክሁ። ይቅር በለኝ። ይቅርታ እንድጠይቃት ድፍረት ስጠኝ፤ አንደበቴን ጠብቅልኝ። ስለ ሰማኸኝ አመሰግንሃለሁ።»

ውዳሴው የተመረጠው ለኑዛዜው ነው፤ ለቍጣ የዘገየ አምላክ የተቈጣውን ሰው ያጋልጠዋል። «አንተ ኀያል ነህ» ቢል ኖሮ እውነት ሆኖም ከቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ጋር አይያያዝም ነበር። ልመናው ትእዛዝ አንቀጽ ነው፦ ስጠኝ፣ ጠብቅልኝ። «ብትሰጠኝ ደስ ይለኛል» ትሕትና ይመስላል፤ ለእኔ ግን ልመናን ወደ አስተያየት ያወርደዋል። ለሽማግሌ «እርስዎ» የምንል ሰዎች በጸሎት «አንተ» ማለታችንም ከዚሁ ቅርበት ጋር ይስማማል።

የመጨረሻው ምስጋና አንድ ችግር አለበት፦ ልመናው ገና አልተፈጸመም። አንዳንዶች «ስለ ሰጠኸኝ» ይላሉ፤ ላልተቀበሉት ነገር ኃላፊ ጊዜ መጠቀም ይከብደኛል። «ስለምትሰጠኝ»ም ውጤቱን አስቀድሞ ይወስናል። በዮሐንስ 11፥41 ኢየሱስ አልዓዛር ገና በመቃብር ሳለ «አባት ሆይ፥ ስለ ሰማኸኝ አመሰግንሃለሁ» ይላል። «ስላስነሣኸው» አላለም። መሰማት አሁን የሆነ ነገር ስለሆነ ኃላፊው ጊዜ ያለ ሐሰት ይቆማል፤ «ነህ» ብሎ የጀመረውም ጸሎት በ«-ኝ» ይዘጋል።