መካከሉ ላይ አድማጭ እንዳይጠፋ

«ስለ ታጠበ ቡና ዝግጅት የ60 ደቂቃ ገለጻ አለኝ። ከ20ኛው ደቂቃ በኋላ አድማጮቼ የት እንደደረስን ይጠፋባቸዋል። ምን ላድርግ?»

መካከሉን በሦስት ክፍል ይለዩት፦ ማብላላት፣ ማጠብ፣ ማድረቅ። ሦስቱን ስሞች የያዘ አንድ ስላይድ ያዘጋጁና ከክፍል ወደ ክፍል በተሻገሩ ቁጥር እርሱኑ ይመልሱት፤ የደረሱበት ስም ይድመቅ፣ ሌሎቹ ይደብዝዙ። አቀማመጡን ግን አይቀይሩ፤ አድማጭ ቦታውን የሚያውቀው ስላይዱ ያው በመሆኑ ነው።

ማጠቃለያ ስላይድ የሚገባው በየክፍሉ መጨረሻ እንጂ በየአምስት ደቂቃው አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ርእሶችን ይደረድራል። «ማብላላት» የሚል ቃል ለተኛ አድማጭ ምንም አይነግረውም። ይልቅ ውጤቱን ይጻፉ፦ «የሚያሙለጨልጨው ሽፋን ሲለቅ ማብላላቱ ይቁም፤ ከዚያ ካለፈ ቡናው ይኮመጥጣል።» ሁለት መስመር፣ ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ትንሽ ዝምታ።

ወደ ቀጣዩ ክፍል በጥያቄ ይሻገሩ። ከማጠብ ወደ ማድረቅ ሲያልፉ ለምሳሌ፦ «ቡናው ታጥቧል፣ ግን ውኃ ይዟል። ሳይሻግት እርጥበቱን ወደ 12 በመቶ ገደማ እንዴት እናወርደዋለን?» «አሁን ወደ ማድረቅ እናልፋለን» ከማለት ይህ ይሻላል፤ ቀጣዩ ክፍል ለምን እንደሚያስፈልግ ይናገራልና።

ከገለጻው በፊት ማጠቃለያዎቹን ብቻ በቅደም ተከተል ለአንድ ባልደረባ ያሳዩ። ሂደቱን መልሶ መተረክ ካቃተው ዐረፍተ ነገሮቹ ገና ርእስ ናቸው ማለት ነው። ሰዓት ካጠረብዎ ደግሞ ከክፍሉ ውስጥ ምሳሌ ይቀንሱ፤ ማጠቃለያውን አይንኩ።