መጀመሪያ ε፣ ቀጥሎ δ፦ የቀጣይነት ማረጋገጫ በአማርኛ እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ፦ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የካልኩለስ ማስታወሻ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። የቀጣይነትን ትርጉም ስጽፍ «ለሁሉም ε የሚሆን δ አለ» ልበል ወይስ «ለእያንዳንዱ ε δ ይገኛል»? የኳድራቲክ ፈንክሽንን ማረጋገጫስ በምን ዓይነት ዐረፍተ ነገር ልጻፈው?

መልስ፦ ሁለተኛውን ይጻፉ። «ለሁሉም ε የሚሆን δ አለ» የሚለውን ያነበበ ሰው አንድ ቋሚ δ እንዳለና እሱም ለየትኛውም ε እንደሚበቃ ቢረዳ አይፈረድበትም፤ እንዲህ ያለ δ የሚገኘው ግን ፈንክሽኑ በነጥቡ ዙሪያ ዋጋው ጨርሶ የማይለወጥ ሲሆን ብቻ ነው። ትርጉሙ የሚፈልገው ε አስቀድሞ እንዲሰጥና δ የተሰጠው ε ታይቶ እንዲመረጥ ነው፤ «ለእያንዳንዱ» የሚለው ቃል ይህን ቅደም ተከተል ይጠብቃል።

የሚከብደው ሌላው ነገር ነው። አማርኛ ገላጩን ከተገላጩ ስለሚያስቀድም፣ ለምሳሌ f(2) = 3 ለሆነ ፈንክሽን በ x = 2 ላይ «|x − 2| < δ ሲሆን |f(x) − 3| < ε እንዲሆን የሚያደርግ አዎንታዊ δ አለ» ብለን ስንጽፍ፣ አንባቢው δ ምን እንደሆነ ሳይነገረው በመጀመሪያው ሐረግ ላይ ያገኘዋል፣ መኖሩንም የሚሰማው ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። ስሕተት ባይሆንም ለጀማሪ ይከብዳል። እኔ የምመርጠው ሐሳቡን ከፍሎ እንዲህ መጻፍን ነው፦ «ማንኛውም አዎንታዊ ቁጥር ε ይሰጠን። ለዚህ ε የሚከተለውን የሚያሟላ አዎንታዊ ቁጥር δ እንደሚገኝ እናሳያለን፦ ለማንኛውም x፣ |x − 2| < δ ከሆነ |f(x) − 3| < ε ይሆናል።»

ይህን በ f(x) = 2x² − 3x + 1 ላይ በ x = 2 እንሞክረው። f(2) = 3 ነው፤ ልዩነቱም f(x) − 3 = 2x² − 3x − 2 = (2x + 1)(x − 2) ይሆናል። |x − 2| በእጃችን ነው፣ በ δ እንገድበዋለን፤ |2x + 1| ግን ከ x ጋር ይለዋወጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ δ = ε/|2x + 1| ብሎ ይጽፋል፤ ይህ አይሆንም፣ ምክንያቱም δ የሚመረጠው x ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ በ x ላይ ሊመሠረት አይችልም። መፍትሔው x ከ 2 ከአንድ ያነሰ ርቀት እንዲኖረው አስቀድሞ መወሰን ነው። ያን ጊዜ 1 < x < 3 ስለሚሆን 2x + 1 በ 3 እና በ 7 መካከል ይውላል፣ ልዩነቱም ከ 7|x − 2| አይበልጥም። ይህ የረቂቅ ሥራ ነው፤ ከሚፈለገው ውጤት ወደ ኋላ እየተመለሰ δን ይፈልጋል። ማረጋገጫው ደግሞ ከ δ ተነሥቶ ወደ ፊት ይሄዳልና ሁለቱን በአንድ አንቀጽ አይደባልቋቸው፦

«ማንኛውም ε > 0 ይሰጠን። δ ከ 1 እና ከ ε/7 ትንሹ ይሁን። |x − 2| < δ ነው እንበል። δ ከ 1 ስለማይበልጥ |x − 2| < 1 ነው፣ ስለዚህም |2x + 1| < 7 ነው። δ ከ ε/7 ስለማይበልጥ ደግሞ |x − 2| < ε/7 ነው። ስለዚህ |f(x) − 3| = |2x + 1||x − 2| ≤ 7|x − 2| < ε ይሆናል።»

የግሶቹን ሥራ ልብ ይበሉ። «ይሰጠን» የሚባለው እኛ ለማንመርጠው ነው፤ «ይሁን» የምንመርጠውን፣ «እንበል» ደግሞ ለጊዜው የምንቀበለውን ሁኔታ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ «ስለ» እያለ ምክንያቱን ይዞ ይሄዳል። በ«ስለማይበልጥ» ፈንታ «ካልበለጠ» ቢባል፣ የተረጋገጠው ነገር ገና ያልተወሰነ ይመስላል።

«ትንሹ ይሁን» የሚለው ሐረግም ሊቀር አይችልም። ε = 14 ቢሰጠንና δን ε/7፣ ማለትም 2 ብቻ ብንል፣ x = 3.9 ከ 2 ያለው ርቀት 1.9 ስለሆነ ይፈቀዳል፤ ልዩነቱ ግን 8.8 × 1.9 = 16.72 ሆኖ ከ 14 ያልፋል። 7 የሚለው ገደብ የሚሠራው x ከ 3 በታች እስከሆነ ድረስ ብቻ ነበርና።

በመጨረሻ «δው» ወይም «ትክክለኛው δ» ከማለት ይቆጠቡ፤ ይህ አነጋገር አንድ ብቻ እንዳለ ያስመስላል። ርቀቱን በ 1 ፈንታ በ 1/2 ብንገድብ 2x + 1 ከ 6 ስለሚያንስ፣ ከ 1/2 እና ከ ε/6 ትንሹም እንዲሁ ይሠራል፤ ከተገኘው δ ያነሰ ማንኛውም አዎንታዊ ቁጥርም ይሠራል። ስለዚህ «አንድ δ እንመርጣለን» ይበሉ።