የድሮ የሠርግ ዲቪዲ በፎርኬ ቲቪ፦ ማሳደጉን ለቲቪው፣ ጥርሱን ማስወገድ ለራስሽ

«የእናትና አባቴ ሠርግ በዲቪዲ አለን። አሁን 55 ኢንች ፎርኬ ቲቪ ገዛን። ወንድሜ መጀመሪያ በኮምፒውተር ወደ ፎርኬ አሳድጊው ይለኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ እንዳለ ስጪው፣ ቲቪው ራሱ ያስተካክለዋል ይላል። የቱ ይሻላል?»

እህቴ፣ ባለቤትሽ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ማሳደጉን ለቲቪው ተዪለት። ከማሳደጉ በፊት የሚሠራ አንድ ሥራ ግን አለ፤ ሰው ሲንቀሳቀስ በጠርዙ ላይ የሚወጣውን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መሰነጣጠቅ ማስወገድ ነው፤ እሱን ቲቪው ካልቻለው አንቺ ብትሠሪው ነው የሚሻለው። እሱን ሳይሠራ «ፎርኬ አድርጌልሻለሁ» የሚል ስቱዲዮ ካጋጠመሽ ገንዘብሽን እንዳትከፍዪ። በታላቅ እህቴ ሠርግ ቪዲዮ ላይ የተሠራብንን ስለማልረሳው ነው እንዲህ አርዝሜ የምጽፍልሽ።

1. ዲስኩ ላይ ያለውን እወቂ። የእኛ አገር ዲቪዲ ፓል የሚባለው የቪዲዮ ዓይነት ነው፤ ምስሉ በወርድ 720፣ በቁመት 576 ነጥብ ነው። የድሮ ሠርግ ከሆነ ቅርጹ 4 በ3 ስለሚሆን ፎርኬ ቲቪ ላይ በትክክል ሲታይ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መሃሉ ላይ 2880 በ2160 ይይዛል። አስዪው፤ ለእያንዳንዱ የዲስኩ ነጥብ ቲቪው ላይ 15 ነጥብ ይደርሰዋል ማለት ነው። ከ15ቱ 14ቱ በስሌት የሚሞሉ ናቸው፤ ኮምፒውተርሽም ቢሞላቸው ቲቪውም ቢሞላቸው ካሜራው ያልያዘውን ዝርዝር ማንም አይጨምርም። ይህን ስሌት የዛሬ ፎርኬ ቲቪዎች በደንብ ይሠሩታል። ስለዚህ ወንድምሽ ያለው «ማሳደግ» ብቻውን ምንም አይጠቅምሽም፤ ፋይሉን ብቻ ነው የሚያገዝፈው።

የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። የእህቴ ሠርግ በ1996 ዓ.ም. በሚኒ ዲቪ ካሜራ ተቀርጾ በሁለት ዲቪዲ ነበር የተሰጠን። 20ኛ ዓመታቸውን ስናከብር ለቤተሰቡ በትልቁ ቲቪ እናሳይ ተባለና፣ በሩ ላይ «የድሮ ቪዲዮ ወደ ፎርኬ እንቀይራለን» ብሎ የለጠፈ ስቱዲዮ ወሰድነው። ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ፣ ቀሪውን ስንወስድ። ፋይሉ መጣ፤ ፍላሹን ሞልቶታል። ቤት ሄደን ከፈትነው። ሙሽሮቹ ቁጭ ብለው ሲታዩ ምንም አይልም። ዘፈኑ ተጀምሮ እስክስታው ሲመጣ የሁሉም ትከሻ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጠቀ። የእህቴ ፊት ወደ ጎን ተለጥጧል። የቀሚሷ ጥለት ደማቅ ቀይ ነበር፤ ወደ ብርቱካን አዘንብሏል። እናቴ ቀሚሱን ከሳጥን አውጥታ ቲቪው አጠገብ ይዛ «ይሄ ነው እንዴ?» አለች።

ተመለስኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ቲቪህ ነው፣ አዲስ ቲቪ ግዛ» አለኝ። ፋይሉን እዚያው በራሱ ኮምፒውተር ክፈተውና እስክስታው ላይ አቁመው አልኩት። አቆመው፤ ጥርሱ በራሱ ስክሪን ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ደግሞ «ከድሮም እንደዚያ ነው» ሆነ መልሱ። ገንዘቡን አልመለሱም፤ ጭራሽ ዲስኮቹን የሰጡኝ ቀሪውን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

«ከድሮም እንደዚያ ነው» ያለው ግማሽ እውነት ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። የፓል ካሜራ በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ያንሳ እንጂ እያንዳንዱ ሙሉ ምስል ከሁለት ግማሾች የተሠራ ነው። አንደኛው ግማሽ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮችን ይይዛል፣ ሁለተኛው ሙሉ ቁጥሮቹን፣ በመካከላቸው ደግሞ የ1/50 ሰከንድ ልዩነት አለ። ይህ ነው ኢንተርሌስድ የሚባለው። በ1/50 ሰከንድ ውስጥ የሚጨፍር ሰው ትከሻ ቦታ ይቀይራል፤ ሁለቱ ግማሾች አንድ ላይ ሲታዩ ጥርሱ የሚወጣው ለዚህ ነው። የድሮው ባለ ሆዱ ቲቪ ግማሾቹን ተራ በተራ ስለሚያሳይ ማንም አያየውም ነበር። የዛሬው ጠፍጣፋ ቲቪ ግን መጀመሪያ ግማሾቹን መለያየት፣ የጎደለውን መስመር መሙላት፣ ከዚያ ማሳደግ አለበት። መስመሮቹ እንዳሉ 576 ሆነው ከደረሱት አብዛኛው ይችላል።

ስቱዲዮው ያጠፋው ይህን ነው። ሳይለያይ 576ቱን መስመር ወደ 2160 ዘረጋው። ሲዘረጋ እያንዳንዱ አዲስ መስመር ከላይና ከታች ካሉት ጎረቤቶቹ ተቀላቅሎ ይሠራል፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ የተለያየ ቅጽበት ናቸው። ከዚያ በኋላ የትኛው መስመር የየትኛው ቅጽበት እንደሆነ የሚለይ ቲቪ የለም። በዚያ ላይ ፋይሉ «2160p»፣ ማለትም ግማሾች የሌሉት ሙሉ ምስል ተብሎ ስለሚገባ ቲቪው የሚለያይ ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም። ያ ፋይል አይድንም። ዲስኩን ጥለሽ እሱን ብቻ ይዘሽ ቢሆን ኖሮ ሠርጉ እንደዚያው ቀረ ማለት ነው።

መለየት ከፈለግሽ ቪዲዮውን ሰው እጁን ወደ ጎን የሚያወዛውዝበት ቦታ ላይ አቁሚና ጠርዙን እዪ። ጥርሶቹ ቀጭንና ስል ከሆኑ፣ እያንዳንዱ የአንድ መስመር ውፍረት ካለው፣ ገና ያልተነካ ነው፤ ይስተካከላል። ወፍራምና የተቀባባ ከሆነ ግን ሰው አሳድጎታል፤ ወደ ዲስኩ ተመለሺ።

2. ከዚህ በፊት ግን ቲቪሽን ፈትኚ። ዲስኩ ውስጥ VIDEO_TS የሚል ፎልደር አለ፤ ከውስጡ VTS_01_1.VOB የሚለውን ወደ ፍላሽ ገልብጪና ቲቪው ላይ ክፈቺው። ጭፈራው ላይ ጥርስ ከሌለ ባለቤትሽ ረትቷል፤ ሌላ ምንም አትንኪ። በዲቪዲ ማጫወቻ የምታዪው ከሆነ ደግሞ የቲቪውን ሪሞት info ተጫኝ። 1080p ካለ የሚያሳድገው ቲቪው ሳይሆን ማጫወቻው ነው፤ ብዙ ጊዜ ርካሽ ማጫወቻ ይህን ሥራ ከቲቪው አሳንሶ ይሠራል። በማጫወቻው ሜኑ ውስጥ የHDMI መጠኑን ወደ 576i፣ ከሌለው ወደ 576p አውርጂና ሁለቱን አወዳድሪ። 576i ከላክሽለት መለያየቱም ማሳደጉም በቲቪው እጅ ይሆናል።

የእኛ ቲቪ ከፍላሽ ሲያጫውት መለያየቱን አይሠራም ነበር፤ የአንቺም እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ ራሴ ተቀምጬ ሠራሁት። ዲስኩን ወደ ኮምፒውተር ገልብጪ፤ የVOB ፋይሎቹ ብዙ ከሆኑ በዊንዶውስ Command Prompt እንዲህ ይቀጠላሉ፦

```
copy /b VTS_01_1.VOB+VTS_01_2.VOB serg.vob
```

ከዚያ ffmpeg በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም መጀመሪያ ጭፈራ ያለባትን አንድ ደቂቃ ብቻ ሞክሪ (20ኛው ደቂቃ ላይ ካልሆነ ቁጥሩን ቀይሪው)፦

```
ffmpeg -ss 00:20:00 -t 60 -i serg.vob -vf "bwdif=mode=send_field,scale=1440:1080:flags=lanczos:in_color_matrix=bt601:out_color_matrix=bt709,setsar=1" -c:v libx264 -crf 18 -colorspace bt709 -c:a aac test.mp4
```

ቅደም ተከተሉን አስተውዪ፤ መለያየቱ ከማሳደጉ ይቀድማል። bwdif ግማሾቹን ለያይቶ ከ25 ምስል በሰከንድ 50 ሙሉ ምስል ያወጣል፤ እስክስታው እንደ ድሮው ቲቪ ለስልሶ የሚታየው በዚህ ነው። ወደ 25 ካወረድሽው እንቅስቃሴው ይቆራረጣል። ከዚያ 1440 በ1080፤ ይህ 4 በ3 ቅርጹን የጠበቀ ስለሆነ ፊት አይለጠጥም። ዲስክሽ ሰፊ ቅርጽ፣ 16 በ9 ከሆነ 1920:1080 አድርጊው። እዚህ ላይ አቆምኩ፤ ከ1080 ወደ 2160 ያለው በትክክል እጥፍ ስለሆነ ቲቪው በቀላሉ ይጨርሰዋል፣ ፋይሉም አብዛኛው ቲቪ ላይ ይከፈታል።

bt601 እና bt709 የሚለው የእህቴ ቀሚስ ጉዳይ ነው። የድሮ ዲቪዲና ኤችዲ ቀለምን የሚያሰሉበት ቀመር ይለያያል። ምስሉን አሳድገሽ ቀመሩን ካልቀየርሽ ቲቪው ኤችዲ ነው ብሎ በሌላው ቀመር ይፈታዋል፤ ቀዩ ወደ ብርቱካን ይሄዳል፣ አረንጓዴው ይጠቁራል። ስቱዲዮው ይህንንም አላደረገም። እኔ ከሠራሁት በኋላ እናቴ ቀሚሱን እንደገና አምጥታ አስተያየችው፤ ገጠመ።

ሙከራዋን ስታዪ ሰዎቹ ወደፊት ሄደው ወደ ኋላ እየተመለሱ የሚንቀጠቀጡ ከመሰሉ የግማሾቹ ተራ ተገልብጧል ማለት ነው። በ `mode=send_field` ቦታ `mode=send_field:parity=bff` ብለሽ ድገሚው፤ ካልተስተካከለ tff አድርጊው። ደህና ከሆነ `-ss 00:20:00 -t 60` የሚለውን አውጥተሽ ሙሉውን ሥሪ። ፋይሉ ከ4 ጊጋባይት ካለፈ FAT32 ፍላሽ አይቀበለውም፤ exFAT ወይም NTFS አድርጊ።

ቲቪው ላይ የምስሉን Sharpness ዝቅ አድርጊው። ከፍ ሲል የድሮ ካሴትን እንከን ሁሉ ያጎላል፣ በሰው ጠርዝ ዙሪያም ነጭ መስመር ያወጣል።

ወንድምሽ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያሳድጉትን ፕሮግራሞች ማለቱ ከሆነ፣ ለሙሽሮቹ ቅርብ ምስል አንዳንዴ ያምራሉ። ለሠርግ ግን እኔ እምቢ ብያለሁ። ስቱዲዮው ለካሳ ብሎ አንድ ክፍል በዚያ ሠርቶ ልኮልኝ ነበር። ከኋላ ረድፍ የተቀመጡት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ፊታቸው በዲስኩ ላይ ጥቂት ነጥብ ብቻ ስለሆነ ፕሮግራሙ ዓይንና አፍ ከራሱ ይስልላቸዋል። አያቴ ከዚያ ወዲህ አርፋለች። የአጎቴ ልጅ አይታ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ። በእኔ ፋይል ላይ ፊቷ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ግን እሷ ናት።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ዲስኮቹን ለማንም ከመስጠትሽ በፊት ገልብጫቸው። ከዚያ የሙከራዋን ደቂቃ ጭፈራው ላይ አቁመሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ሥር ለጥፊው፤ ጥርሱ ከቀረ የቱ ጋ እንደተበላሸ አይቼ እነግርሻለሁ።